የእንግሊዝ የቪዛ ክልከላ ደብዳቤን ለአመልካቹ በአንድ ገጽ ማሳጠር

አዳማ ውስጥ የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን ደብዳቤ ያውቀዋል። ባል እንግሊዝ ነው፣ ሚስት እዚህ ናት። ለትዳር ቪዛ አመልክተው ስድስትና ሰባት ገጽ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በኢሜይል ይመጣል። ቤተሰቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ?" መከልከሉ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። የቀረው ገጽ ግን ማንም ሳያየው ይቀራል። ቀጥሎ የሚደረገው ሁሉ የተጻፈው ደግሞ እዚያ ነው።

ቃል በቃል የተተረጎመ ሰባት ገጽ ለአመልካቿ ብዙም አይጠቅማትም። የአንቀጽ ቁጥርና የሕግ ቋንቋ ይበዛበታል። የሚጠቅማት አንድ ገጽ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ነው። ምን እንደተቀበሉላት፣ ምን እንዳልተቀበሉና ለምን፣ እስከ መቼና የት ይግባኝ ማለት እንደምትችል በግልጽ አማርኛ የሚናገር ገጽ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ አሠራር ነው። ለማሳያ የያዝኩት ጉዳይ ዝርዝሩ የተቀያየረ ነው። ስህተቶቹ ግን በየጊዜው የሚያጋጥሙ ናቸው።

የመጨረሻውን ገጽ መጀመሪያ አንብቡ

ምክንያቱን ከማንበባችሁ በፊት ስለ ይግባኝ የሚናገረውን ክፍል ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ሦስት ነገር ታገኛላችሁ፤ ይግባኝ መኖር አለመኖሩን፣ ለማን እንደሚቀርብና የጊዜ ገደቡን።

ለትዳር ቪዛ ክልከላ በተለመደው አካሄድ ይግባኙ የሚቀርበው ስደትና ጥገኝነትን ለሚያይ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። አመልካቿ ከእንግሊዝ ውጭ ስለሆነች ውሳኔው ከደረሳት በኋላ 28 ቀን አላት። ያው ሰው እንግሊዝ ውስጥ ሆኖ ቢሆን 14 ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ለንደን ያለ ዘመድ "አሥራ አራት ቀን ነው" ቢላችሁ፣ ወይም ሌላው "ወር አለን" ቢላችሁ፣ በወሬ አትሂዱ። ደብዳቤው ላይ ያለውን ጻፉ። የሌላ አገር ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ጨርሶ ሌላ ነው።

የሁሉም ደብዳቤ መጨረሻ ይግባኝ አይደለም። ለጉብኝት ቪዛ ክልከላ እንዲህ ያለ የይግባኝ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። ለአንዳንድ የሥራና የትምህርት ቪዛዎች ደግሞ ይግባኝ ሳይሆን አስተዳደራዊ ክለሳ የሚባል ነገር ነው የሚሰጠው። እነዚህን ማምታታት ገንዘብም ጊዜም ያስከፍላል።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ቁጠሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የአዳማ አመልካች ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምታስበው። ደብዳቤው በፈረንጅ ነው።

በማሳያችን ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ኦክቶበር 2፣ 2025 ነው፤ በእኛ መስከረም 22፣ 2018። ኢሜይሉ የገባው ኦክቶበር 7፣ ማለትም ማክሰኞ መስከረም 27 ነው። አመልካቿ ያየችው ግን ጥቅምት 3 ነው። ማመልከቻው ሲሞላ የተሰጠው ኢሜይል የእሷ ሳይሆን ፎርሙን የሞላላት ልጅ ነበር። እሱም ሳይከፍተው ቆየ። ይህ አዳማ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው።

ከየትኛው ቀን እንቁጠር? ኢሜይሉ ሳጥን ውስጥ ከገባበት ቀን እንጂ ከተነበበበት ቀን አትቁጠሩ። ከመስከረም 27 ሃያ ስምንት ቀን ስትቆጥሩ ጥቅምት 25 ትደርሳላችሁ፤ ኖቬምበር 4፣ 2025። ማረጋገጫ ቀላል ነው። 28 ቀን ልክ አራት ሳምንት ስለሆነ ማክሰኞ የጀመረ ማክሰኞ ያልቃል። የደረሳችሁበት ቀን ሌላ ዕለት ከሆነ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

እኔ ማጠቃለያው ላይ ሁለት ቀን ነው የምጽፈው። አንዱ የመጨረሻው ቀን፣ ጥቅምት 25። ሌላው ከደብዳቤው ቀን ተነስቼ የምቆጥረው የጥንቃቄ ቀን፣ ጥቅምት 20፣ ማለትም ኦክቶበር 30። ቤተሰቡ የጥንቃቄውን ቀን እንደ መጨረሻ ይያዝ። ደብዳቤው መቼ እንደደረሰ ክርክር ቢነሳ እንኳ እነሱን አይነካቸውም። ኢሜይሉ የገባበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን ስክሪንም ፎቶ አንሱና አስቀምጡ።

ቀኑ አልፎ ከተገኘስ? ይግባኙ ዘግይቶም ሊቀርብ ይችላል። የዘገየበት ምክንያት ከማስረጃ ጋር አብሮ መቅረብ አለበት፤ መቀበል አለመቀበል ደግሞ የፍርድ ቤቱ ነው። ማጠቃለያው ላይ "አልፏል፣ በቃ" ብላችሁ አትዝጉት።

የተቀበሉትን ለይታችሁ አውጡ

አሁን ወደ ምክንያቶቹ። ደብዳቤው በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። ስለ አመልካቹ ጠባይና የቀድሞ ታሪክ፣ ስለ ግንኙነቱ፣ ስለ ገቢ፣ ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ። ከእያንዳንዱ ሥር መስፈርቱ ተሟልቷል ወይስ አልተሟላም የሚል ዐረፍተ ነገር አለ።

የተሟሉትን መጀመሪያ ጻፉ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። በማሳያችን ደብዳቤ የቋንቋ መስፈርቱ ተሟልቷል ይላል። በጠባይ በኩልም የተነሳ ነገር የለም። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ የቋንቋ ፈተናውን እንደገና ሊያስፈትን ይነሳል። ገንዘቡም ጉልበቱም ክርክር በሌለበት ነገር ላይ ያልቃል።

ከዚህ አንድ የተለየ ነገር አለ። ደብዳቤው ሐሰተኛ ሰነድ ቀርቧል ወይም ሆን ተብሎ የውሸት ቃል ተሰጥቷል የሚል ከሆነ ለብቻው በትልቁ ጻፉት። ወደፊት የሚቀርብ ማመልከቻን ሁሉ ሊከተል ይችላል። እንዲህ ያለው በቀጥታ ወደ ሕግ ባለሙያ ነው የሚሄደው።

እያንዳንዱ ክልከላ በምን ላይ እንደቆመ ጠይቁ

የማጠቃለያው ልብ ይሄ ነው። ብዙ ሰው "ትዳሩን አላመኑም፣ ገቢውም አልበቃም" ብሎ ይጽፋል። ይህ አመልካቿን ያሳስታታል። ምክንያቱም ክልከላ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ "አላመንኩም" ነው። አንዳንዱ "ሊሆን ይችላል፣ ግን አላሳያችሁኝም" ነው። ሌላው ደግሞ "እውነት ነው፣ ግን መስፈርቱን አይደርስም" ነው። መልሳቸው የተለያየ ነው። ሁለተኛው በወረቀት ሊድን ይችላል። ሦስተኛው በወረቀት ብዛት አይድንም።

የገቢውን ክፍል እንየው። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ እንግሊዝ ያለው የትዳር ጓደኛ በዓመት ቢያንስ 29,000 ፓውንድ ገቢ ማሳየት አለበት። በማሳያችን ባልየው 30,200 ያገኛል። ሚስትየው ስትሰማ ግራ ገባት። "ከሚፈለገው በላይ ነው የሚያገኘው፣ ምን ጎደለው?" ደብዳቤውን ቀስ ብላችሁ ስታነቡ ውሳኔ ሰጪው ገቢው ያንሳል አላለም። ማመልከቻው የገባው ጁላይ 2025 ነው። የጃንዋሪ እስከ ጁን የደመወዝ ወረቀት ቀርቧል፤ ስድስቱም ወር። የኤፕሪል የባንክ መግለጫ ግን የለም። ደንቡ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለው ገንዘብ ባንክ ሲገባም እንዲታይ ይጠይቃል። አንድ ወር ስለጎደለ መስፈርቱ አልተሟላም ተባለ።

ስለዚህ በማጠቃለያው የሚጻፈው "ገቢው አልበቃም" ሳይሆን "የኤፕሪል 2025 የባንክ መግለጫ ስላልቀረበ ገቢው በተፈለገው መንገድ አልተረጋገጠም" ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በመጀመሪያው ባልየው ሁለተኛ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። በሁለተኛው ባንኩን አንድ ወረቀት ይጠይቃል።

ወደ ግንኙነቱ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ደብዳቤው ላይ E-ECP.2.6 የሚል ቁጥር ካያችሁ ግንኙነቱ እውነተኛና እስካሁን ያለ መሆኑን የሚጠይቀው አንቀጽ ነው። እዚህ ሥር ሁለት ነገር ተጽፏል።

አንደኛው ይህ ነው። ሁለቱ በ2019 በፈረንጅ እንደተዋወቁ ፎርሙ ላይ ሞልተዋል። የጋብቻ የምስክር ወረቀቱ ትርጉም ግን ሜይ 18፣ 2015 ተጋቡ ይላል። ከመተዋወቃቸው አራት ዓመት በፊት! ውሳኔ ሰጪው ይህን ይዞ ቃላቸው ሊታመን አይችልም አለ። ይህ "አላመንኩም" ነው። ከባዱ ዓይነት።

ዋናውን የአማርኛ ወረቀት አስመጡና እዩት። ቀኑ 18/5/2015 ይላል። አምስተኛው ወር በእኛ ጥር ነው። የተጋቡት ጥር 18፣ 2015 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 26፣ 2023። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ አምስትን ሜይ አደረገው፣ ዓመቱንም ሳይቀይር ተወው። የባልና ሚስቱ ቃልና ወረቀቱ በትክክል ይገጥማሉ። አለመተማመኑ የመጣው ከትርጉሙ ነው።

ማጠቃለያው ላይ እነዚህን ሁለቱን ለያይታችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ላይ ደብዳቤው ያለው፣ ሌላ መስመር ላይ እናንተ ሰነዱ ላይ ያያችሁት። አትቀላቅሏቸው። አመልካቿና ነገ የሚይዝላት ጠበቃ የቱ የውሳኔ ሰጪው፣ የቱ የእናንተ እንደሆነ በዓይናቸው መለየት አለባቸው። አዲስ ትርጉም ሲሠራ ደግሞ ትክክለኛ ስለመሆኑ የተርጓሚው ማረጋገጫ፣ ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማና አድራሻ ይኑረው። ዋናው ቅጂ ከጎኑ ይያያዝ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ሁለተኛው ቀለል ይላል። የቀረበው የመልእክት ልውውጥ የ2025ን ሦስት ወር ብቻ ስለሚሸፍን ከጋብቻው በኋላ ግንኙነቱ እንደቀጠለ አልታየም ይላል። ይህ "አላሳያችሁኝም" ነው። ባልየው ከሠርጉ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ፓስፖርቱ ላይ ማኅተሙ አለ። በየወሩ ገንዘብ ይልካል፣ የባንክ ደረሰኝ አለ። የሚያወሩት በኢሞና በቴሌግራም ነው። ከማመልከቻው ጋር የተያያዘው ግን የኢሞ ብቻ ነበር።

ስምንም ተመልከቱ። የእኛ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። አባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይነበባል። የላቲን አጻጻፉም በፓስፖርቱና በጋብቻ ወረቀቱ ሊለያይ ይችላል። ደብዳቤው ይህን ካነሳው እንደ አንድ ነጥብ ያዙት። ካላነሳው ማጠቃለያው ውስጥ አታስገቡት። እኛ ያልተነሳ ጥያቄ ስንጨምር የተነሱት ይደበዝዛሉ።

"የታወቀ ነው" ብላችሁ የምታልፉትን አንቀጽ አትለፉት

ከምክንያቶቹ በኋላ በየደብዳቤው የሚደጋገም የሚመስል አንቀጽ አለ። GEN.3.1 እና GEN.3.2 የሚሉ ቁጥሮች ይታዩበታል። ልዩ ሁኔታ መኖር አለመኖሩን አይተናል፣ ክልከላው የቤተሰብ ሕይወት መብትን አይጥስም ይላል። ብዙ ጊዜ ባልየው እየመጣ መጎብኘት ይችላል፣ ወይም ኑሯቸውን ኢትዮጵያ ማድረግ ይችላሉ የሚል ይጨመርበታል።

ተርጓሚዎች ይህን ይዘሉታል። መዘለል የለበትም። ምክንያቱም ይግባኙ የሚቀርበው በሰብአዊ መብት መሠረት ነው፤ በተለይም በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ስምምነት አንቀጽ 8፣ የግልና የቤተሰብ ሕይወት መብት። መስፈርቱ መሟላት አለመሟላቱ ትልቅ ክብደት አለው። በመጨረሻ ዳኛው የሚጠይቀው ግን ክልከላው ይህን መብት ይጥሳል ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ ውሳኔ ሰጪው እዚህ ላይ ምን ግምት ውስጥ እንዳስገባና ምን እንዳላስገባ ጻፉ። ልጅ ካለ ስለ ልጁ የተባለውን ጻፉ። ምንም ካልተባለ "ስለ ልጁ ምንም አልተባለም" ብላችሁ ጻፉ።

አማራጮቹን ሳትመርጡላቸው አስቀምጡ

አመልካቿ ፊት ያሉት መንገዶች በተለመደው ጉዳይ ሁለት ናቸው።

አንዱ ይግባኝ ነው። በኢንተርኔት ይቀርባል። ዳኛው ወረቀት ብቻ አይቶ እንዲወስን ከተጠየቀ ክፍያው 80 ፓውንድ፣ ችሎት እንዲኖር ከተጠየቀ 140 ፓውንድ ነው። ችሎት ካለ የሚመሰክረው አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝ ያለው ባል ነው። ይግባኙ ከቀረበ በኋላ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን እንደገና የሚያይበት ደረጃ አለ። ያኔ ራሱ ሊያነሳው ይችላል። ያ ካልሆነ ወራት ይወስዳል። ከውሳኔው በኋላ የተገኘ ማስረጃም ሊቀርብ ይችላል። የኤፕሪሉ የባንክ ወረቀትና የታረመው ትርጉም እዚህ ይገባሉ።

ሌላው ጉድለቱን አሟልቶ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። ክፍያው ከይግባኙ እጅግ ይበልጣል። የደመወዝና የባንክ ወረቀቶቹ እንደገና የቅርብ ጊዜ መሆን አለባቸው፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወረቀቱም ስድስት ወር ካለፈው አይሠራም። ለመጀመሪያው ማመልከቻ የተከፈለው የጤና ክፍያ ግን ክልከላ ሲሆን ተመላሽ ነው። ቤተሰቡ ይህን ሳያውቅ እንደጠፋ ይቆጥረዋል።

የትኛው ይሻላል የሚለውን እኛ አንወስንም። እንግሊዝ ውስጥ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት በሕግ የሚቆጣጠሩት ሥራ ነው። ጠበቃ ወይም የተመዘገበ አማካሪ ብቻ ነው የሚሰጠው። ባልየው እንዲህ ያለውን ሰው እዚያው ያግኝ። የእኛ ገጽ ለዚያ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። በተለይ አለመታመን ያለበት ጉዳይ፣ እንደ ማሳያችን የቀኑ ነገር፣ መልስ ሳያገኝ በአዲስ ማመልከቻ ብቻ ቢታለፍ የድሮው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ እንዳለ እንደሚቆይ ለቤተሰቡ ንገሯቸው።

ገጹ ሲጠናቀቅ ይህን ይመስላል

ውሳኔ፦ የትዳር ቪዛ ተከልክሏል። የደብዳቤው ቀን መስከረም 22፣ 2018። ኢሜይሉ የገባው መስከረም 27። የማመልከቻው ቁጥር (GWF ብሎ የሚጀምረው) እዚህ ይጻፍ።

የይግባኝ መጨረሻ፦ ጥቅምት 25፣ 2018 (ኖቬምበር 4፣ 2025)። የጥንቃቄ ቀን ጥቅምት 20 (ኦክቶበር 30)።

ተቀባይነት ያገኘ፦ እንግሊዝኛ ቋንቋ። በጠባይ በኩል የተነሳ ነገር የለም።

ክልከላ 1፣ ገቢ፦ የኤፕሪል 2025 የባንክ መግለጫ አልቀረበም (ገጽ 3)። ገቢው ያንሳል አልተባለም።

ክልከላ 2፣ ግንኙነት፦ ሀ) የጋብቻ ቀኑ ከመተዋወቃቸው በፊት ስለሆነ ቃላቸውን አላመኑም (ገጽ 4)። የእኛ ማስታወሻ፦ ዋናው ወረቀት 18/5/2015 ይላል፣ ጥር ነው፤ ትርጉሙ ሜይ ብሎታል። ለ) ከጋብቻ በኋላ ግንኙነታቸው መቀጠሉ አልታየም (ገጽ 4)።

የቤተሰብ ሕይወት መብት፦ ባልየው እየመጣ መጎብኘት ይችላል ተብሏል (ገጽ 5)።

መንገዶች፦ ይግባኝ (80 ወይም 140 ፓውንድ) ወይም አዲስ ማመልከቻ። ከምርጫው በፊት እንግሊዝ ያለ የተመዘገበ አማካሪ ይጠየቅ።

የገጽ ቁጥር ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን መኖሩን ልብ በሉ። ጠበቃው አማርኛውን ባያነብም ባልየው ጣቱን ጭኖ የሚያሳየው በእሱ ነው።

ስታስረክቡ

ወረቀቱን ሰጥታችሁ ብቻ አትሸኙ። ቁጭ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። ከዚያ "እስከ መቼ ነው ያለሽ? ገቢውን ለምን አልተቀበሉትም?" ብላችሁ ጠይቁ። "የባሌ ደመወዝ ስለሚያንስ" ካለች ገጹ አልሠራም፣ ያንን መስመር እንደገና ጻፉት። አማት ወይም እናት አብረው ከመጡም ለእሳቸው ንገሯቸው። ቀኑን አስታውሰው ልጁ ላይ በየማታው የሚደውሉት ብዙ ጊዜ እሳቸው ናቸው።

ዋናውን ደብዳቤ ሁሉንም ገጽ በፒዲኤፍ አስቀምጡላትና ለባልየው በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይደበዝዛል፣ ትንንሾቹ የአንቀጽ ቁጥሮችም አይነበቡም። ደብዳቤው የግል ገቢና የትዳር ታሪክ የያዘ ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ አጥፉት። ኢሜይሉም የሌላ ሰው ከሆነ የይግባኙ ፎርም ላይ የራሷን ወይም የባሏን አድራሻ ትሙላ።